ከፊል ዋስትና፣ ከፊል ካሳ፦ አንድ የቃሊቲ ቤት እንደ ምሳሌ

በቃሊቲ፣ በመጋዘኖችና በፋብሪካዎች አጥር ጥግ ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች መካከል አንዱን በዐይነ ልቡናችን እንውሰድ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በጓሮው ሰርቪስ ቤቶች አሉት። ባለቤቷ ቤቱን በ2009 ዓ.ም. በ2 ሚሊዮን ብር የእሳት መድን አስገብተዋል፤ ከዚያም ወዲህ አንድ ዓመት ሳያቋርጡ ዓረቦናቸውን እየከፈሉ ውሉን አሳድሰዋል። በ2017 ዓ.ም. ከማድ ቤት የተነሣ እሳት የጣሪያውን ከፊል፣ ኮርኒሱን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና ሁለት በሮችን አጠፋ። የጉዳት ገማቹ መጥቶ ለካ፣ ቆጠረ፤ የጥገናውንም ወጪ 500 ሺህ ብር አደረሰው። በግምቱ የተከራከረ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከመድን ድርጅቱ የመጣው ደብዳቤ የሚከፈለው ካሳ 200 ሺህ ብር መሆኑን ይገልጻል።

የባለቤቷ ጥያቄ ቀላልና ምክንያታዊ ነው። «የገባሁት ዋስትና 2 ሚሊዮን፤ የደረሰብኝ ጉዳት ግማሽ ሚሊዮን። ጉዳቱ ከዋስትናው በታች ሆኖ ሳለ ስለ ምን ሙሉውን አላገኝም?»

ታሪኩ ለማስረጃነት ያዘጋጀነው ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው። ጥያቄው ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እንሞክራለን። አንደኛው፣ ካሳውን የቀነሰው ደንብ የሒሳብ መሠረት ያለውና በራሱ ሚዛናዊ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ደንቡ ትክክል ቢሆንም ለቤቱ ባለቤት የሚነገርበት ጊዜና መንገድ ትክክል አለመሆኑን ነው።

ስሌቱ እንዴት ተሠራ?

ገማቹ የተበላሸውን ብቻ ሳይሆን አንድ ሌላ ነገርም ገምቷል፤ እሱም ቤቱ በሙሉ ቢወድም እሳቱ በተነሣበት ቀን ዋጋ እንደገና ለመሥራት የሚጠይቀውን ገንዘብ ነው። ይህ መጠን 5 ሚሊዮን ብር ሆኖ ተገኘ። ባለቤቷ ዋስትና የገቡት ግን ለ2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ስለሆነም በመድን ሙያ «አቬሬጅ» የሚባለው፣ እኛም የተመጣጣኝነት ደንብ የምንለው ስሌት ተግባራዊ ሆነ። ቀመሩ የሚከተለው ነው፦

ካሳ = ጉዳት × (የዋስትናው መጠን ÷ የንብረቱ ሙሉ ዋጋ)

በቁጥር ሲተካ፦

ካሳ = 500,000 × (2,000,000 ÷ 5,000,000) = 200,000 ብር

ዋስትናው ከቤቱ ዋጋ ሁለት አምስተኛውን፣ ማለትም 40 በመቶውን ብቻ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከማናቸውም ጉዳት የሚከፈለው 40 በመቶ ነው። የተሰበረው የ10 ሺህ ብር መስኮት ቢሆን 4 ሺህ ብር፣ የጉዳቱ መጠን 1 ሚሊዮን ቢሆን 400 ሺህ ብር ይከፈላል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ቢወድም የ5 ሚሊዮኑ 40 በመቶ 2 ሚሊዮን ስለሚሆን ባለቤቷ በውሉ የተጻፈውን ገንዘብ በሙሉ ያገኛሉ። በሌላ አነጋገር ደንቡ የሚሰማው ቤቱ በከፊል ሲጎዳ እንጂ ፈጽሞ ሲጠፋ አይደለም። (በውሉ መሠረት ባለቤቷ ራሳቸው የሚሸከሙት ተቀናሽ ሊኖር ይችላል፤ ነገሩን ላለማወሳሰብ እዚህ ትተነዋል።)

ቀሪው 60 በመቶ የማን ነው? በእንግሊዝ አገር በ1906 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሕር መድን ሕግ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። ሕጉ እንደሚለው ንብረቱን ከዋጋው በታች ያስገባ ሰው ላልተሸፈነው ድርሻ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። በዚህ ዐይን ስናየው በቃሊቲው ቤት ላይ የነበሩት መድን ሰጪዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱን አምስተኛ የያዘው ድርጅቱ፣ ሦስቱን አምስተኛ የያዙት ደግሞ ባለቤቷ። ጉዳት ሲደርስ ሁለቱም እንደየድርሻቸው ያዋጣሉ። ችግሩ ከሁለቱ አንዷ መድን ሰጪ መሆኗን አለማወቋ ነው።

የሁለት መንደሮች ምሳሌ

ይሁንና አንባቢ «ድርሻ መባሉ ስያሜ እንጂ ምክንያት አይደለም» ሊለን ይችላል። 2 ሚሊዮኑ የመጨረሻ ጣሪያ ሆኖ፣ ከጣሪያው በታች ያለው ጉዳት ሁሉ በሙሉ ቢከፈል ምን ይጎድላል? ለዚህ መልሱ የሚገኘው ከአንድ ቤት ላይ ሳይሆን ከብዙ ቤቶች ድምር ላይ ነው።

እያንዳንዳቸው 1,000 ቤቶች ያሏቸውን ሁለት መንደሮች እናስብ። ቤቶቹ ሁሉ ተመሳሳይ፣ የእያንዳንዱም ሙሉ ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነው። በእያንዳንዱ መንደር በዓመት ዐሥር ቤቶች እሳት ይነሣባቸዋል እንበል። እሳት ከተነሣባቸው ቤቶች አብዛኞቹ በከፊል ብቻ የሚጎዱ በመሆናቸው፣ ዘጠኙ የ500 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስባቸው አንዱ ፈጽሞ ይወድማል። የመድን ድርጅቱን የአስተዳደር ወጪና ትርፍ ለጊዜው እንተወውና ዓረቦኑ ካሳውን ብቻ እንዲሸፍን እናድርግ።

በመጀመሪያው መንደር ሁሉም ቤታቸውን በሙሉ ዋጋው አስገብተዋል። የዓመቱ ካሳ ለዘጠኙ ቤቶች 4 ሚሊዮን 500 ሺህ፣ ለወደመው ቤት 5 ሚሊዮን፣ በድምሩ 9 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ለ1,000 ቤቶች ሲካፈል የአንዱ ቤት ዓረቦን 9,500 ብር ነው፤ ለእያንዳንዱ የ1,000 ብር ዋስትና 1 ብር ከ90 ሳንቲም ማለት ነው። መድን ድርጅቶች የእሳት ዓረቦንን የሚያሰሉት በዚሁ መንገድ፣ አንድን ምጣኔ በዋስትናው መጠን በማባዛት ነው።

በሁለተኛው መንደር ደግሞ ሁሉም ተመሳሳይ ቤታቸውን በ2 ሚሊዮን ብር ብቻ አስገቡ። በዚያው ምጣኔ የእያንዳንዱ ዓረቦን 3,800 ብር፣ የመንደሩ ጠቅላላ መዋጮ 3 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይሆናል። እሳቱ ግን የውሉን ወረቀት አይቶ አይቀንስም፤ እዚህም ዘጠኝ ቤቶች በከፊል ይጎዳሉ፣ አንዱ ይወድማል። ካሳው ያለ ተመጣጣኝነት ደንብ ቢከፈል ለዘጠኙ ያው 4 ሚሊዮን 500 ሺህ፣ ለወደመው 2 ሚሊዮን፣ በድምሩ 6 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ያስፈልጋል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው 3 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ብቻ ነው። የጎደለው 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ከየት ይመጣል? ሁለቱ መንደሮች የአንድ ድርጅት ደንበኞች ከሆኑ፣ ቤታቸውን በሙሉ ዋጋው ካስገቡት ሰዎች ኪስ ከመምጣት በቀር ሌላ ምንጭ የለውም።

አሁን ደንቡን እንተግብረው። ዘጠኙ ቤቶች እያንዳንዳቸው የጉዳታቸውን 40 በመቶ፣ ማለትም 200 ሺህ ብር ያገኛሉ፤ ድምሩ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው። ለወደመው ቤት 2 ሚሊዮን ሲጨመር 3 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ከተዋጣው ገንዘብ ጋር በትክክል እኩል ነው። እኩልነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዓረቦኑ ከዋስትናው መጠን ጋር በቀጥታ ተመጣጣኝ ሆኖ ሲሰላ፣ ሒሳቡ የሚዘጋው ካሳውም በዚያው ምጣኔ ሲቀነስ ብቻ ነው። 40 በመቶ ዓረቦን የከፈለ 40 በመቶ ካሳ ያገኛል። ደንቡ ቅጣት የሚመስለው ይህን የመጀመሪያውን እርምጃ ሳናይ ሁለተኛውን ብቻ ስናይ ነው።

ከዚህ ስሌት ሌላም የምንማረው አለ። «እስከ 2 ሚሊዮን ብር ያለውን ጉዳት በሙሉ ክፈሉኝ» የሚል ውል በራሱ የማይቻል ነገር አይደለም፤ በሙያው «የመጀመሪያ ጉዳት» ዋስትና ይባላል፤ መድን ሰጪው ከተስማማም ሊሸጥ ይችላል። ነገር ግን በምሳሌአችን ትክክለኛ ዋጋው 3,800 ሳይሆን 6,500 ብር ነው። የቃሊቲዋ ባለቤት የገዙት የመጀመሪያውን ነበር፤ የገዙ የመሰላቸው ግን ሁለተኛውን ነው።

2 ሚሊዮኑ እንዴት አነሰ?

ባለቤቷ ውሉን ሲፈርሙ ዋጋ ደብቀው አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ቤቱን እንደገና ለመሥራት 2 ሚሊዮን ብር ይበቃ ነበር። የግንባታ ዋጋ በየዓመቱ 12 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ 2 ሚሊዮኑም 5 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በአገራችን የታየው የዋጋ ንረት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቆርቆሮው ጥቅል፣ የአርማታ ብረቱ ጥሬ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የመታጠቢያ ቤት ዕቃው ከውጭ የሚመጣ እንደመሆኑ የቤቱ የመልሶ ግንባታ ወጪ አብሮ ይወጣል። በውሉ ላይ የተጻፈው 2 ሚሊዮን ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። በየዓመቱ የሚታደሰው ቀኑ እንጂ መጠኑ አይደለም።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የባንክ ብድር ነው። ቤቱ በመያዣነት ሲያዝ ባንኩ የእሳት መድን እንዲገባለት ይጠይቃል፤ የቤቱ ባለቤትም የዋስትናውን መጠን ከብድሩ መጠን ጋር እኩል ሊያደርገው ይችላል። 5 ሚሊዮን ለሚያወጣ ቤት የ2 ሚሊዮን ብድር የወሰደ ሰው መድኑን በ2 ሚሊዮን ከገባ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በ40 በመቶ ላይ ቆሟል። ብድሩ የባንኩን ሥጋት እንጂ የቤቱን ዋጋ አይለካም።

ሦስተኛው ስሕተት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይወስዳል። አንዳንድ ሰው «ቤቴ ቢሸጥ 9 ሚሊዮን ያወጣል» በማለት በመሸጫ ዋጋው ዋስትና ይገባል። ገዢ የሚከፍለው ግን ለግድግዳና ለጣሪያ ብቻ ሳይሆን ለቦታውም ጭምር ነው፤ ለአስፋልት ቅርብ መሆኑም ይታሰባል። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የቦታው ይዞታም በእሳት አይቃጠልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑንና ካሳውም ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ በ9 ሚሊዮን የገባው ሰው ቤቱ ቢወድም የሚያገኘው 5 ሚሊዮን ነው፤ ለቀሪው 4 ሚሊዮን የከፈለው ዓረቦን በከንቱ ቀረ። ዝቅ ማድረግ ካሳን ይቀንሳል፤ ከፍ ማድረግ ግን ካሳን አይጨምርም።

ትክክለኛው መጠን የት ይገኛል?

የሚፈለገው ቁጥር አንድ ነው፤ ይህ ቤት ዛሬ ቢወድም ያንኑ ቤት እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ለማቆም ስንት ይፈጃል? ለምሳሌአችን ቤት እንዲህ ይሰላል። ዋናው ቤት 120 ካሬ ሜትር ነው፤ የአንድ ካሬ ሜትር ግንባታ 35 ሺህ ብር ቢፈጅ 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይሆናል። ሰርቪስ ቤቶቹ 30 ካሬ ሜትር ናቸው፤ በ15 ሺህ ብር ሒሳብ 450 ሺህ ይሆናሉ። ለአጥር፣ ለበርና ለፍሳሽ ጉድጓድ 200 ሺህ፤ ሊረሱ ለሚችሉት ወጪዎች፣ ማለትም ፍርስራሹን ለማስነሣትና ለመሐንዲስ፣ 150 ሺህ ብር እንያዝ። ድምሩ 5 ሚሊዮን ብር ነው። የካሬ ሜትሩ ዋጋ ለምሳሌ የተወሰደ ስለሆነ አንባቢ በዘመኑ ዋጋ ሊተካው ይገባል፤ በአካባቢው በቅርቡ ቤት ያሠራ ሰው ወይም አንድ የግንባታ ባለሙያ ሊነግረው ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ ውሉ የሚከፍለው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ የእርጅና ተቀናሽ ተደርጎበት? ዋስትናው በአንደኛው መሠረት ተወስኖ ካሳው በሌላኛው ከተሰላ ንጽጽሩ ይፋለሳል፤ ስለዚህ ይህን ከመፈረም በፊት መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ሁለተኛው፣ ስሌቱ የሚሠራው በአደጋው ቀን ዋጋ እንጂ በፊርማው ቀን ዋጋ አለመሆኑ ነው። በመስከረም በ5 ሚሊዮን በትክክል የገባ ሰው፣ በዓመቱ ውስጥ የግንባታ ዋጋ 25 በመቶ ቢጨምር የቤቱ ዋጋ 6 ሚሊዮን 250 ሺህ ይሆንበታል፤ ሽፋኑም ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ስለሆነም በውሉ ዘመን ለሚጠበቀው ጭማሪ የተወሰነ ትርፍ መያዝ፣ ዋጋ በድንገት ሲዘል ደግሞ እድሳቱን ሳይጠብቁ መጠኑን ማስተካከል ተገቢ ነው።

አቋማችን

ደንቡ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ የለንም። ከላይ እንዳየነው ደንቡ ቢነሣ በትክክል የሚከፍለው ሰው በዝቅታ ለሚከፍለው ይከፍላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዋስትናውን ዝቅ ማድረግ ይጀምራል፣ ምጣኔውም በሁሉም ላይ ይወጣል። በፍትሕ በኩል ከመጣን ደንቡ ሚዛኑን ጠብቋል።

ነገር ግን ሚዛን ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለቱም ወገን ሲያየው ነው። በተለምዶ በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ውል ውስጥ፣ በብዙ አንቀጾች መካከል የተቀመጠ አንድ ዐረፍተ ነገር የካሳውን መጠን ከግማሽ በታች የሚያወርድ ከሆነ፣ የቤቱ ባለቤት ስለ ሕልውናው የሚሰማው ከእሳቱ በኋላ ነው። ድርጅቱ ለስምንት ዓመት ያንኑ 2 ሚሊዮን ያለ ጥያቄ እየተቀበለ አድሶ፣ በዘጠነኛው ዓመት «ዋስትናዎ አንሷል» ማለቱ በሕግ ያስኬደው ይሆናል፤ በሕሊና ግን ይከብዳል። የቤቱ ዋጋ መለወጡን ከሁሉም በፊት የሚያውቀው በየሳምንቱ ጉዳት የሚያስገምተው ድርጅት ነውና።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት መሥመር ብቻ ነው። በየዓመቱ በሚላከው የእድሳት ማስታወቂያ ላይ በአማርኛ፣ ደንበኛውም በሚያነበው ሌላ ቋንቋ፣ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «የዋስትናዎ መጠን ይህን ያህል ነው። ቤትዎን ዛሬ እንደገና ለመሥራት ስንት ይፈጃል? ዋስትናዎ የዚህ ግማሽ ከሆነ ለማናቸውም ጉዳት የምንከፍለው ግማሹን ነው።» በአሜሪካ ብዙ የቤት መድን ውሎች ሽፋኑ ከመልሶ ግንባታው ወጪ 80 በመቶ ከደረሰ በከፊል ጉዳት ላይ ቅነሳ አያደርጉም። ከአንዱ ወር ወደ ሌላው ዋጋ በሚዘልበት አገር ውስጥ ይህን መሰል የመቻቻያ ወለል ማበጀትም ለኢትዮጵያ መድን ሰጪዎች ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ በቅን ልቡና የገመተን ሰው ከገበያው ፍጥነት ይጠብቀዋልና።

በምሳሌአችን ሙሉ ሽፋን ለማግኘት በዓመት ይጨመር የነበረው ዓረቦን 5,700 ብር ነበር፤ ከእሳቱ በኋላ ከኪስ የወጣው 300 ሺህ ነው። ምናልባት ባለቤቷ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አይተው እንኳ 5,700 ብሩን ላለመክፈል ይመርጡ ይሆናል፤ የቤተሰባቸውን ጓዳ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ግን ለሦስቱ አምስተኛ መድን ሰጪ የሆኑት ዐውቀውና ወደው ነው፤ ደብዳቤውም ሲመጣ አዲስ ነገር አይነግራቸውም።